ያቃጠለ ሁሉ የፊኛ ኢንፌክሽን አይደለም

በሽንት ጊዜ ማቃጠልና ከእምብርት በታች የሚሰማ የመክበድ ስሜት ሴቶችን ወደ መድኃኒት ቤትና ወደ ጤና ተቋም ከሚወስዱ ቅሬታዎች አንዱ ነው። ቅሬታው ሲነገር የሚሰጠው ስም ብዙ ጊዜ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን» ነው። አንዳንዱ «ብርድ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ኩላሊት ይሆናል» ብሎ ይገምታል። ስሙ ቢለያይም መጨረሻው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ሴቲቱ አንድ ፍሬ ነገር ሳትጠየቅ አንቲባዮቲክ ገዝታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ማቃጠል ግን የበሽታ ስም አይደለም፤ ምልክት ነው። ምልክቱም ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሊመጣ ይችላል። አንደኛው የሽንት ፊኛ ሲሆን ሁለተኛው ብልት ነው። ለአንደኛው የሚሰጠው መድኃኒት ለሌላው አይሠራም፤ አንዳንድ ጊዜም ያባብሰዋል። ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ በአግባቡ የተጠየቀ ጥያቄና ያለ ሐፍረት የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። «የሚያቃጥልሽ ውስጡን ነው ወይስ ውጭውን?» የሚለው አንዱ ነው። «ከብልትሽ የተለየ ፈሳሽ፣ ማሳከክ ወይም ሽታ አለ?» የሚለው ሁለተኛው ነው። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ አንቲባዮቲክ መስጠትም መውሰድም ሊቀር ይገባል እንላለን። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንመልከት።

ሁለቱ ጎረቤታሞች

የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ አጭር ነው። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የወንዱ ግን 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የቧንቧው መውጫ የሚገኘው ከብልት በር ከፍ ብሎ ነው፤ ፊንጢጣም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በማንኛውም ጤናማ ሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር ነው። ይህ ባክቴሪያ ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሽንት መውጫው ሲደርስ ያቺን አጭር መንገድ አልፎ ፊኛ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ተራብቶ የፊኛውን ግድግዳ ያስቆጣል። ጤናማ በሆኑ ሴቶች ላይ የሚደርሰው የፊኛ ኢንፌክሽን በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ብርድ ላይ መቀመጥ ባክቴሪያን ከአንጀት ወደ ፊኛ አያደርስም። ሁለተኛው፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት በዚያ አካባቢ ያለውን ባክቴሪያ ወደ ቧንቧው ስለሚገፋ ከግንኙነት በኋላ የፊኛ ኢንፌክሽን የሚያጋጥማቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ይህ ማለት ግን በሽታው ከባል ተላለፈ ማለት አይደለም። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ የራሷ የሴቲቱ ነው። ይህን ባለማወቅ በማይገባ ጥርጣሬ የሚናጋ ትዳር አለ።

ማቃጠሉ ከብልት የሚመጣበት መንገድ ግን የተለየ ነው። ሽንት ጤናማ ቆዳ ላይ ቢፈስ አይሰማም። የብልት ከንፈሮችና የብልት በር በፈንገስ፣ በሌላ ተሕዋስ ወይም በሽቶ ሳሙና ሲቆጡ ግን ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ላይ ሽንት ሲፈስበት ቁስል ላይ ሎሚ እንደመጭመቅ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ፊኛዋም ሽንቷም ጤናማ ናቸው። የታመመው ሽንቱ የሚያልፍበት ደጃፍ ነው።

ከእምብርት በታች የሚሰማው ክብደትስ ከየት ይመጣል? ፊኛ የሚገኘው ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት ጀርባ ነው። ሲቆጣ ጥቂት ሽንት ቢጠራቀምበት እንኳ የሞላ ይመስለዋል። በዚህ የተነሣ ሴቲቱ ቶሎ ቶሎ ትሄዳለች፤ የሚወጣው ሽንት ግን ጥቂት ነው፤ ከሸናች በኋላም ያልጨረሰች ይመስላታል። ይህ የፊኛ ኢንፌክሽን ዓይነተኛ መልክ ነው። ነገር ግን የክብደቱ ስሜት ብቻውን አይፈርድም። ውጭው የሚያቃጥላት ሴት ሕመሙን ፈርታ ሽንቷን ለሰዓታት ትይዛለች፤ ያኔም ፊኛዋ ሞልቶ ይጫናታል። ከማህፀን በር ወደ ላይ የወጣ ኢንፌክሽንም በዚያው ቦታ ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ ክብደቱን ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለቱ ጥያቄዎች ምን ይለያሉ?

የፊኛ ኢንፌክሽን ያለባት ሴት ሕመሙን ወደ ውስጥ ትጠቁማለች። ማቃጠሉ ሽንቱ መውጣት ሲጀምር ወይም ሊያልቅ ሲል ከውስጥ የሚቆርጥ ዓይነት ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በድንገት ይጀምራል፤ ትናንት ደህና የነበረች ሴት ዛሬ በየግማሽ ሰዓቱ ትሮጣለች፤ ሌሊትም ከእንቅልፏ ትነሣለች። ሽንቱ ሊደፈርስ ወይም ደም ሊቀላቀልበት ይችላል። ከብልት የሚወጣው ፈሳሽ ግን እንደወትሮው ነው፤ አያሳክክም።

ከብልት በሚነሣው ችግር ደግሞ ሴቲቱ ሕመሙን ወደ ውጭ ትጠቁማለች። የሚያቃጥላት ሽንቱ ከወጣ በኋላ ከንፈሮቹን ሲነካ ነው። ቶሎ ቶሎ መሽናት ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ማሳከክ፣ የፈሳሽ ለውጥ፣ ሽታ ወይም በግንኙነት ጊዜ ሕመም አብሮ አለ። ምልክቱም በአንድ ሌሊት ሳይሆን በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ የሚብስ ነው።

የእነዚህ ጥያቄዎች ጉልበት በጥናት ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ከሽንት ምልክቶች አንዱን ይዛ ወደ ሐኪም የመጣች ሴት የሽንት ኢንፌክሽን የመኖሩ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት ኖሮባት የብልት ፈሳሽ ለውጥና መቆጣት ከሌለባት ግን ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ ይደርሳል። አንድ ጥያቄ ብቻ ግማሽ የነበረውን ግምት ወደ እርግጠኝነት ያቀርበዋል ማለት ነው። ፈሳሽ ወይም ማሳከክ ካለ ደግሞ የፊኛ ኢንፌክሽን የመሆኑ ዕድል ይቀንሳል፤ ያኔ ብልትን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ በግምት መሥራት ይሆናል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ጊዜ ሊኖሩ እንደሚችሉም መዘንጋት አይገባም።

የፈሳሹ ዓይነትም ይናገራል። እንደ እርጎ የረጋ፣ ነጭ፣ ሽታ የሌለውና ከባድ ማሳከክ ያለበት ፈሳሽ ወደ ፈንገስ ይጠቁማል። ቀጠን ያለ፣ ግራጫ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የዓሣ ሽታ የሚመስል ፈሳሽ በብልት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባቱን ያሳያል፤ ይህኛው ማቃጠልና ማሳከክ ብዙም አይታይበትም። ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚያደላ፣ አረፋ ያለውና የሚሸት ፈሳሽ ትሪኮሞናስ የተባለውን በግንኙነት የሚተላለፍ ተሕዋስ ያስጠረጥራል። ፈሳሽ ሳይኖር ብልት ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ቁስሎች ወጥተው ሽንት ሲነካቸው የሚያስጮኹ ከሆነ ኸርፒስ ሊሆን ይችላል። እነዚህ መልኮች ፍንጭ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደሉም፤ ፍርዱን የሚሰጠው ምርመራ ነው።

አንድ ምሳሌ

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ29 ዓመት ባለትዳር ሴት ናት እንበል። በሽንት ጊዜ ማቃጠልና ከእምብርት በታች መክበድ ከጀመራት ሦስት ቀን ሆኗታል። ወደ መድኃኒት ቤት ገብታ ወረፋ ከያዙ ሰዎች ፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሽንት ያቃጥለኛል» ትላለች። ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊ ግራም 10 ፍሬ ተሰጥቷት፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ እንድትውጥ ተነግሯት ትሄዳለች።

በሦስተኛው ቀን የተሻላት ይመስላታል። በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ብሶ ይመለሳል። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ሽንት ትሰጣለች። ውጤቱ በአጉሊ መነጽር በአንድ ዕይታ ከ10 እስከ 15 ነጭ የደም ሴሎች፣ ብዙ የቆዳ ሴሎች፣ ጥቂት ባክቴሪያ፣ ናይትራይት የለም የሚል ነው። «ኢንፌክሽኑ አልጠፋም» ተብላ ሴፊክሲም ይታዘዝላታል። እሱንም ጨርሳ አልተሻላትም። አሁን መቀመጥ እንኳ አቅቷታል።

በሦስተኛው ጉዞ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ያገኘቻት አዋላጅ ነርስ ለብቻዋ አስቀምጣ ትጠይቃታለች። የሚያቃጥላት የት ነው? ውጭው። ያሳክካታል? ሌሊት እንቅልፍ ይነሣታል። ፈሳሽ አለ? ነጭ፣ የረጋ። ቶሎ ቶሎ ትሸናለች? እንዲያውም ማቃጠሉን ፈርታ እስኪጨንቃት ትይዘዋለች። ሕመሙ ሳይጀምር በፊት የወሰደችው መድኃኒት ነበር? ከሁለት ሳምንት በፊት ለቶንሲል አሞክሳሲሊን ወስዳለች። እርጉዝ አለመሆኗና የስኳር በሽታ እንደሌለባትም ይጣራል።

ከዚያ በኋላ ምርመራው አጭር ነው። የብልት ከንፈሮቹ ቀልተው አብጠዋል፤ ነጭ የረጋ ፈሳሽ ይታያል። ከፈሳሹ ጥቂት በመስታወት ላይ ተደርጎ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ተጨምሮበት በአጉሊ መነጽር ሲታይ የፈንገሱ ክሮች ይገኛሉ። ወደ ብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል 200 ሚሊ ግራም ለ3 ሌሊት ታዘዘላት፤ በቀናት ውስጥም ተሻላት። ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ያላዳነው በሽታ በሦስት ሌሊት መድኃኒት ዳነ።

አሁን ወደኋላ ተመልሰን የተዘለሉትን ፍንጮች እንቁጠር። በብልት ውስጥ የሚኖሩት ላክቶባሲለስ የተባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመረቱ አካባቢውን ይጠብቃሉ። ለቶንሲል የተወሰደው አንቲባዮቲክ እነሱንም ስለሚቀንስ ፈንገሱ ሜዳውን አገኘ። ሲፕሮፍሎክሳሲኑና ሴፊክሲሙ ደግሞ በእሳት ላይ ጭድ ጨመሩበት፤ አንቲባዮቲክ ፈንገስን አይገድልምና። በሆዷ ላይ የተሰማት ክብደት የመጣው ሽንቷን ከመያዟ ነበር። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው መስኮት ላይ፣ በሁለት ጥያቄ ሊታወቅ ይችል ነበር።

የሽንት ውጤቱ ለምን አሳሳተ?

ብዙ ሰው የላብራቶሪ ወረቀት ከታየ ነገሩ አለቀ ብሎ ያምናል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚናገረው ጽዋው ውስጥ ስለገባው ነገር ነው። በምሳሌያችን ነጭ የደም ሴሎቹ የመጡት ከፊኛ ሳይሆን ከተቆጣው ብልት ነው፤ ሽንቱ በዚያ ሲያልፍ ጠርጎ ወሰዳቸው። ይህን የሚመሰክሩት «ብዙ» የተባሉት የቆዳ ሴሎች ናቸው። የቆዳ ሴል በብዛት ከታየ ናሙናው ከብልት ፈሳሽ ጋር መቀላቀሉን ያመለክታልና ፍርድ ከመስጠት በፊት ናሙናውን እንደገና መውሰድ ይገባል።

ናይትራይትም የራሱ ገደብ አለው። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይቀይራሉ፤ ለዚህ ግን ሽንቱ ፊኛ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ናይትራይት ከተገኘ የፊኛ ኢንፌክሽን መኖሩን አጥብቆ ይጠቁማል። ባይገኝ ግን ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም፤ በየግማሽ ሰዓቱ የምትሸና ሴት ሽንቷ ለመቆየት ጊዜ አላገኘም። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ተመራጭ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ንጹሕ ናሙና ለመስጠት ብዙ ነገር አያስፈልግም። እጅን መታጠብ፣ የብልት ከንፈሮችን በጣት ገለጥ አድርጎ መያዝ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ወደ ሽንት ቤት መልቀቅ፣ ከመሀል ያለውን በጽዋው መቀበል፣ የቀረውን እንደገና ወደ ሽንት ቤት መልቀቅ ነው። የብልት ፈሳሽ ያለባት ሴት ይህን አስቀድማ ለላብራቶሪ ባለሙያው መንገር አለባት። ናሙናው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ መመርመር ይኖርበታል፤ በሞቃት ክፍል ውስጥ ከቆየ ጥቂቱ ባክቴሪያ ብዙ ይሆናል። ችግሩ እየተመላለሰ ለሚያስቸግራት፣ ለእርጉዝ ሴትና መድኃኒት ላልሠራላት ሴት ደግሞ ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳየው የካልቸር ምርመራ ያስፈልጋል። ይህ ናሙና መወሰድ ያለበት አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከጀመሩ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ባክቴሪያውን ሊደብቀው ይችላል።

የሚደበቀው ሦስተኛው

በፊኛ ኢንፌክሽንና በፈንገስ መካከል አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለውም እሱ ነው። ክላሚዲያና ጨብጥ የሽንት ቧንቧውንና የማህፀን በርን አንድ ላይ ሊይዙ ይችላሉ። ሴቲቱ ማቃጠል ይሰማታል፤ በሽንቷ ውስጥ ነጭ የደም ሴል ይታያል፤ በካልቸር ግን የተለመደው ባክቴሪያ አይበቅልም። ፈሳሹ ጥቂት ሊሆን ወይም ልብ ላይባል ይችላል። ከግንኙነት በኋላ ደም መታየት፣ በግንኙነት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚሰማ ሕመም፣ በቅርቡ የተጀመረ ግንኙነት፣ ወይም ባል ላይ የታየ ፈሳሽና ማቃጠል ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ።

ለፊኛ የታሰበ አንቲባዮቲክ እነዚህን በሽታዎች አያድንም፤ ሕመሙን ግን ለጥቂት ጊዜ ሊያደበዝዘው ይችላል። ጨብጥ ለሲፕሮፍሎክሳሲን መልስ መስጠቱ በብዙ አገሮች ቀርቷል። ሳይታከም የቆየ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ወደ ማህፀንና ወደ ማህፀን ቱቦዎች ይወጣል፤ ቱቦዎቹንም ጠባሳ አስይዞ መካንነትንና ከማህፀን ውጭ እርግዝናን ሊያስከትል ይችላል። ከዓመታት በኋላ «ለምን አልወለድኩም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በስህተት «የሽንት ኢንፌክሽን» ተብሎ በታለፈ ማቃጠል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በአገራችን ጤና ተቋማት የብልት ፈሳሽ በምልክት ላይ ተመሥርቶ በአንድ ጊዜ የሚታከምበት አሠራር ያለው ለዚህ ነው። ክላሚዲያ፣ ጨብጥ ወይም ትሪኮሞናስ ሲገኝ ባልም አብሮ መታከም አለበት፤ ካልሆነ በሽታው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይኖራል። የፈንገስና የፊኛ ኢንፌክሽን ግን እንዲህ ያለውን ሕክምና አያስፈልጋቸውም፤ ትክክለኛው ስም በቤት ውስጥ ሰላምም ጭምር ይጠብቃል።

የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶችም መነሣት አለባቸው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ የብልትና የሽንት ቧንቧው ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ ኢንፌክሽን ሳይኖር ያቃጥላል። በየወሩ አንቲባዮቲክ እየወሰዱ የማይሻላቸው እናቶች ይህ ችግር ይኖርባቸው እንደሆነ መመርመር አለባቸው። ወደ ብልት የሚቀባ የኢስትሮጅን ክሬም በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ድርቀቱን ያስታግሳል፤ ተመላላሹን የፊኛ ኢንፌክሽንም ይቀንሳል።

መድኃኒቱ ትክክለኛ ሲሆን

የፊኛ ኢንፌክሽን መሆኑ ሲረጋገጥ ሕክምናው አጭር ነው። እርጉዝ ላልሆነችና ሌላ ሕመም ለሌለባት ሴት ናይትሮፉራንቶይን ለ5 ቀን ይሰጣል። ባክቴሪያው ባልተላመደበት አካባቢ ኮትሪሞክሳዞል ለ3 ቀን ሊበቃ ይችላል። ምርጫው የባለሙያው ነው፤ የኩላሊት ችግር፣ የሰልፋ አለርጂና እርግዝና ምርጫውን ይቀይሩታል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን የመጀመሪያ ምርጫ መሆን አይገባውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች በጅማት፣ በጡንቻና በነርቭ ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊያደርሱ ስለሚችሉ ሌላ አማራጭ ላለው ቀላል የሽንት ኢንፌክሽን እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል።

ትክክለኛው መድኃኒት ከተሰጠ ሴቲቱ በሁለት ቀን ውስጥ ለውጡን ታየዋለች። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ካልተሻላት ጥያቄው «የትኛውን አንቲባዮቲክ ልቀይር?» መሆን የለበትም። «በእርግጥ የፊኛ ኢንፌክሽን ነውን?» መሆን አለበት። ማቃጠሉን ለማስታገስ ብልትን ከውስጥ በሳሙና፣ በጨው ወይም በሎሚ ማጠብም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ያስወግዳል፤ የተቆጣውንም ቆዳ ይብስ ያቆስለዋል። ውጭውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል። ከዓይነ ምድር በኋላ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ ከግንኙነት በኋላ መሽናትና ሽንትን ለረጅም ሰዓት አለመያዝ የፊኛ ኢንፌክሽን ለሚመላለስባት ሴት ይመከራል። በረጅም የአውቶቡስ ጉዞና ሽንት ቤት በሌለበት የሥራ ቦታ ውኃ ሳይጠጡ ሽንትን ይዘው የሚውሉ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ወደው እንዳልሆነም ሊታሰብ ይገባል።

የማይጠበቅበት ጊዜ

አንዳንድ ምልክቶች ሲኖሩ ነገ ማለት አይገባም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስና በጎድን ሥር ከጀርባ በኩል የሚሰማ ሕመም ኢንፌክሽኑ ኩላሊት መድረሱን ያመለክታሉ፤ ናይትሮፉራንቶይን ለዚህ አይበቃም። ትኩሳት ከታችኛው ሆድ ሕመምና ከብልት ፈሳሽ ጋር ከመጣ የማህፀን ቱቦዎች ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በአንድ ወገን የሚብስ የሆድ ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ካላት ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት። እርጉዝ የሆነች ሴት ጥቂት ማቃጠል ቢሰማትም በራሷ መድኃኒት መግዛት የለባትም፤ በእርግዝና ጊዜ የፊኛ ኢንፌክሽን በቀላሉ ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ ያለጊዜው ለመውለድም ሊዳርግ ይችላል። የስኳር በሽታ ያለባትና በሽንቷ ውስጥ ደም የምታይ ሴትም እንዲሁ መመርመር ይኖርባቸዋል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

አንቲባዮቲክ በአገራችን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ የተደነገገ መድኃኒት ነው። ድንጋጌው በመስኮቱ ላይ ሲጣስ የሚጎዳው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ የምሳሌያችን ሴት ከሁለት ሳምንት በላይ የተሠቃየችው በዚያ መስኮት ነው። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሁለቱን ጥያቄዎች ከሰው ጆሮ ራቅ አድርጎ ቢጠይቅና ፈሳሽ ወይም ማሳከክ ያለባትን ወደ ጤና ተቋም ቢልክ ትልቅ ሥራ ይሠራል። የክሊኒክ ባለሙያም የሽንት ወረቀት ብቻ አይቶ መፍረድ የለበትም፤ የቆዳ ሴሉን ቁጥር ማንበብ፣ ስለ ፈሳሽ መጠየቅና ሲያስፈልግ ማየት የሥራው ክፍል ነው። ሴት ባለሙያ ለምትፈልግ ታካሚም ይህ መመቻቸት አለበት፤ ያልተመቻት ሴት ስለ ፈሳሿ አትናገርምና።

ሴቲቱም የራሷ ድርሻ አላት። «ሽንት ያቃጥለኛል» ብላ ማቆም የለባትም። የሚያቃጥላት ውስጡን ይሁን ውጭውን፣ ፈሳሽና ማሳከክ መኖር አለመኖሩን፣ መቼ እንደጀመረ፣ በቅርቡ የወሰደችውን መድኃኒትና የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ባትጠየቅም ትናገር። እነዚህ አምስት ነገሮች አንድ ደቂቃ አይፈጁም። የሚሰጣት መድኃኒት ትክክለኛው መሆን አለመሆኑ ግን በዚያች አንድ ደቂቃ ይወሰናል።